የቀድሞ አሠሪ ጋ ደውሎ ስለ ሠራተኛ መጠየቅ፦ «ጨዋ ልጅ ነው» ሲሏችሁ አትዝጉት

ኮምቦልቻ ላይ የሕንፃ መሣሪያ እነግዳለሁ። ከጥቂት ዓመት በፊት ንብረት ያዥ ስፈልግ አንድ ልጅ መጣ። የድሮ አሠሪው ጋ ደውዬ «ልጁ እንዴት ነው?» አልኩት። «ኧረ ጨዋ ልጅ ነው! ወላሂ፣ ክፉ ቃል አይወጣውም» አለኝ። አመስግኜ ዘጋሁና ልጁን ቀጠርኩት። በአራተኛው ወር ስንቆጥር ባለ 12 ፌሮ 37 ጎደለ። ልጁ አልሰረቀም። ሰው ሲበዛበት በቃል ያወጣል፣ «ማታ እጽፈዋለሁ» ይላል፣ ይረሳዋል። በኋላ ያን አሠሪ ለቅሶ ቤት አገኘሁት። «እንደማይጽፍማ አውቅ ነበር። አንተ የጠየቅኸኝ ስለ ጠባዩ ነው» አለኝ። ምን ልመልስለት?

የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይህን አይነግራችሁም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሚሰጠው ማስረጃ ሰውየው ምን ሥራ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በስንት ደሞዝ እንደሠራ የሚገልጽ ነው። ዋስም ቢሆን የሚጠቅመው ንብረቱ ከጎደለ በኋላ ነው። ስለዚህ መደወል አይቀርም።

መጀመሪያ ለአመልካቹ እንደምትደውሉ ንገሩት። አሁን ያለበት ቦታ ሥራ እንደሚፈልግ ካላወቁ እዚያ አትደውሉ፤ ከዚያ በፊት የነበረበትን ጠይቁት። ስልኩን ደግሞ ከደብዳቤው ራስጌ ውሰዱ። አመልካቹ የሚሰጣችሁ ቁጥር የአጎቱ ልጅ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱን ሳይሆን ሥራውን በዓይኑ ያየውን የቅርብ አለቃ ፈልጉ፤ ትንሽ ሱቅ ከሆነ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው። ደሴ ላለ ነጋዴ ሰኞ፣ በገበያ ቀን አትደውሉ። ዓርብ ጁምዓ ሰዓት ላይም እንዲሁ። በቴሌግራም መጠየቅ ለእኔ ከንቱ ነው፤ የሰው ድምፅ ሲያመነታ አይሰማም።

አሁን ወደ ከባዱ። እኛ ወሎዎች የሰው እንጀራ መዝጋት አንወድም። «ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የምታገኙት ምርቃት ብቻ ነው። ስለዚህ ሰውየውን ፍርድ አትጠይቁት፤ ያየውን አስተርኩት። «ታማኝ ነው?» ከማለት «መጨረሻ የቆጠራችሁ ጊዜ ልዩነት ተገኝቶ ነበር? ማን አገኘው? እሱ ምን አለ?» በሉ። «ታታሪ ነው?» የሚለውን ትታችሁ ሥራ የበዛበትን አንድ ቀን አንሱ። «መጨረሻ ጊዜ» የምትለዋ ቃል ትልቅ ሥራ ትሠራለች፤ «ሁልጊዜ ጎበዝ ነው» ብሎ ማለፍ ያስቸግራል። ከዚያ ዝም በሉ። እኔ ይህን ለመልመድ ዓመት ፈጅቶብኛል። ዝምታው ሲረዝም «ማለቴ፣ በጠባይ ነው ወይስ…» እያልኩ መልሱን ራሴ አጎርሳቸው ነበር። አሁን እስክሪብቶዬን ይዤ እጠብቃለሁ።

ባለፈው አንዲት ልጅ አመልክታ ወልዲያ ያሉ አሠሪዋ ጋ ደወልኩ። ትልቅ ሰው ናቸው። ሰላምታውን ጨርሰን «ጎበዝ ናት፣ አላህ ያሳድጋት» አሉኝ። አሚን ብዬ ቀጠልኩ።

«ሐጂ፣ ሁለት መኪና ሲሚንቶ እኩል መጥቶ ደጅ ላይ ደንበኛ ተሰልፎ ያውቃል?»

«ስንቴ!»

«መጨረሻ ጊዜ እንዲያ ሲሆን እሷ ምን አደረገች?»

ዝም አሉ። እኔም ዝም።

«እሷማ በር ትዘጋለች» አሉ፣ እየሳቁ። «ገቢውን ቆጥራ ቢን ካርዱ ላይ ሳታሰፍር አንድ ኩንታል አታስወጣም። ደንበኛው ይጮሃል፣ እኔም እጮሃለሁ። እሷ ወይ ፍንክች!»

እሳቸው እንደ ስሞታ ነው የነገሩኝ። እኔ ግን ያቺ 37 ፌሮ ትዝ አለችኝ።

ቀጥዬ «ከሥራዋ ውስጥ ለሌላ ሰው የሰጡባት አለ?» አልኳቸው። ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ ማንንም ሳያሙ ድክመት ይነገርበታል። «ስልክ አላስነሳትም ነበር። ሰው ሲነዘንዛት ትቆጣለች፣ ሁለት ደንበኛ አኩርፎብኛል» አሉ። «ነገ ብትመለስ ይቀጥሯታል?» ስላቸው «በደስታ» አሉኝ። ይህ መልስ ብቻውን ርካሽ ስለሆነ «የት ቦታ ላይ?» ብዬ ጨመርኩ። «መጋዘን። ሱቅ ውስጥ ግን አላቆማትም።»

ተቃራኒውም አለ። አንዳንዱ ተጣልቶ ስለተለያየ ብቻ «ሌባ ነው» ይላችኋል። እሱንም እንደዚሁ «ምን ጠፋ? መቼ? ቁልፉ በማን እጅ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። ዝርዝር ከሌለው ቂም ሊሆን ስለሚችል ሌላ አሠሪ ጨምራችሁ ደውሉ።

ስልኩን እንደዘጋችሁ የሰማችሁትን በእነሱው ቃል ጻፉ። «ጥሩ ናት» ብላችሁ ከጻፋችሁ አልደወላችሁም ማለት ነው።

ልጅቷን ቀጠርኳት። መጋዘን ናት፤ ስልክ የሚያነሳው ሌላ ልጅ ነው።