ማትሪክሱ ቢጫ፣ መጠባበቂያው ባዶ፦ የስጋት ትንተና ችግርና መፍትሄ

የስጋት መዝገብ አላችሁ ብዬ ነው የምጀምረው። ለእያንዳንዱ ስጋት የመከሰት ዕድሉን ከ1 እስከ 5፣ ጉዳቱንም ከ1 እስከ 5 ሰጥታችኋል። አባዝታችሁ ማትሪክስ በሚባለው ሰንጠረዥ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ቀብታችኋል። ይሄ ዓይነታዊ ትንተና ነው። በብርና በመቶኛ ሲሠራ ደግሞ መጠናዊ ይባላል። ይህን ያልሠራ መጀመሪያ ይሥራና ይመለስ።

እኔ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ እስከ ወልዲያ ባሉ የግንባታና የውሃ ሥራዎች ላይ ይሄን መዝገብ ሳስተካክል ዓመታት ሆነኝ። ብልሽቱ ብዙ ዓይነት አይደለም። አንዱ ግን እየተመላለሰ ይመጣል፣ ብዙውን ቦታ የምሰጠውም ለእሱ ነው።

ምልክት፦ ሁሉም ስጋት ቢጫ ነው

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰው ሲጨንቀው መሃሉን 3 ይሰጣል። «3» ማለት ስንት በመቶ እንደሆነ፣ ስንት ብር እንደሆነ አልተጻፈም። ስብሰባው ላይ ስምንት ሰው ካለ ስምንት ዓይነት 3 አለ ማለት ነው። መፍትሄው ነጥብ ከመስጠታችሁ በፊት ድንበሩን መጻፍ ነው፦ የዕድል 3 ከ30 እስከ 50 በመቶ፣ የጉዳት 3 ከበጀቱ ከ2 እስከ 5 በመቶ፣ እንዲህ እያላችሁ። ከሌላ መሥሪያ ቤት የተቀዳ ማትሪክስ ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ አትሥሩበት። የ200 ሚሊዮን ብር መንገድ ድንበር ለ12 ሚሊዮን ብር የውሃ ሥራ አይሆንም።

ምልክት፦ መዝገቡ ሙሉ ነው፣ መጠባበቂያው ግን በግማሽ መንገድ አለቀ

ዋናው ይሄ ነው።

ከሐይቅ ከተማ ወጣ ያለ ቀበሌ ላይ የነበረን ሥራ ልንገራችሁ። ምንጭ ማጎልበት፣ 6 ኪሎ ሜትር ቧንቧ፣ ማጠራቀሚያና በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፓምፕ። በጀቱ 12 ሚሊዮን ብር። በመዝገቡ ከነበሩት ሃያ ስጋቶች አራቱ ከባድ ነበሩ። የፓምፑ ዋጋ በምንዛሪ ምክንያት መናር፦ ዕድል 3፣ ጉዳት 3፣ ነጥብ 9። ቁፋሮው አለት መምታቱ፦ 3 በ3፣ እሱም 9። የበልግ ዝናብ መንገድ መዝጋቱ፦ 3 በ2፣ 6። የምንጩ ውሃ ማነስ፦ 2 በ5፣ 10። ያኔ መዝገቡን የያዘው ልጅ ነጥቦቹን ደመረ፣ 34 መጣ። ለአራት አካፈለ፣ 8.5። «መካከለኛ ነው፣ ለመካከለኛ ደግሞ 5 በመቶ እንይዛለን» ብሎ 600 ሺህ ብር መጠባበቂያ ያዘ። እኔ ስጠይቅ «አብሽር፣ ከ9 እና ከ10 ያለፈ የለም እኮ» አለኝ።

ስህተቱ እዚህ ጋ ነው። እነዚህ ነጥቦች የደረጃ ቁጥሮች ናቸው። በሩጫ አንደኛና ሁለተኛ እንደማለት ነው። አንደኛው ሁለተኛውን በስንት ደቂቃ እንደበለጠው አይነግሩም። ስለዚህ መደመርም ማካፈልም ትርጉም የለውም። ከ8.5 ወደ 5 በመቶ፣ ከ5 በመቶ ወደ 600 ሺህ የሚወስድ ድልድይ የለም። ማትሪክሱ የሚያውቀው የትኛው ስጋት በየትኛው ሳጥን ውስጥ እንደወደቀ ብቻ ነው። እባካችሁ፣ የማትሪክስ ነጥብ አትደምሩ። ደምራችሁ ለአለቃ አታቅርቡ። ለፋይናንስ ደግሞ በፍጹም አትላኩ፣ አንዴ ብር ሆኖ በጀት ውስጥ ከገባ የሚያወጣው የለም።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሆነ። ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በመጀመሪያው ቀን ከ74 በላይ ደረሰ፣ ክረምቱ ሳይወጣ 100 አለፈ። የእኛ ፓምፕ ከነመቆጣጠሪያው 20 ሺህ ዶላር ነበር። በ57 ሲታሰብ 1 ሚሊዮን 140 ሺህ ብር ነው። በ100 ሲታሰብ 2 ሚሊዮን። ልዩነቱ 860 ሺህ። መጠባበቂያችን በአንድ ደረሰኝ አልቆ 260 ሺህ ጎደለን። ዕቃው ከጂቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ገብቶ መጋዘን ተቀመጠ። ቀሪው ብር እስኪገኝ ሳጥኑ እንደታሸገ ነበር። የቀበሌው እናቶች ግን ጀሪካን ተሸክመው ቁልቁል መውረዳቸውን አላቆሙም። ይሄ እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ማንም ዶላሩ እዚያ ይደርሳል ብሎ እርግጠኛ መሆን አይችልም ነበር። ግን 600 ሺህ እንደማይበቃ ቀድሞ ማወቅ ይቻል ነበር። ከሰዓት በኋላ በአንድ ደብተር ገጽ የሚያልቅ ሥራ ነው።

መፍትሄው፣ ደረጃ በደረጃ

መጀመሪያ አራቱን ከባድ ስጋቶች ብቻ ለዩ። ሃያውንም አትንኩ። ማትሪክሱ ለዚህ ጥሩ ነው፣ ከሃያው አራቱን ለመምረጥ።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ እውነተኛ ዕድልና ሦስት ዋጋ ጠይቁ፦ ከደረሰ ቢያንስ፣ ብዙ ጊዜ፣ ቢበዛ። የቢበዛውን ቀድማችሁ ጠይቁ። የመሃሉን ካስቀደማችሁ ሰው እሱን ይዞ ትንሽ ወደ ላይ ትንሽ ወደ ታች ብቻ ይላል። ደግሞ ቢሮ ቁጭ ብላችሁ አትገምቱ። ለበልጉ የጠየቅኩት የቀበሌውን ሽማግሌ ነበር። «ጋሼ፣ ካለፉት 10 በልጎች መኪና ያስቆመው ስንቱ ነው?» አልኳቸው። በጣታቸው እየቆጠሩ፣ የትኛው ዓመት ጤፍ እንደተበላሸ፣ የትኛው ዓመት ድልድዩ እንደተወሰደ እያስታወሱ አምስት ላይ ቆሙ። 50 በመቶ ማለት ይሄ ነው። «መካከለኛ» ብለው ቢመልሱልኝ ኖሮ ምንም አላገኘሁም።

በሺህ ብር እንዲህ ወጣ። ፓምፑ 40 በመቶ፣ ከ300 እስከ 1,800፣ ብዙ ጊዜ 600። ሦስቱን ደምራችሁ ለሦስት ስታካፍሉ አማካዩ 900። አለቱ 30 በመቶ፣ አማካይ 500። በልጉ 50 በመቶ፣ አማካይ 200። የምንጩ ማነስ 10 በመቶ፣ አማካይ 1,500። ዕድሉን በአማካዩ ስታባዙ ፓምፑ 360፣ አለቱ 150፣ በልጉ 100፣ ምንጩ 150 ይሆናል። ማትሪክሱ ላይ ፓምፑና አለቱ እኩል 9 ነበሩ፣ ምንጩ ደግሞ አንደኛ። በብር ሲታይ ግን ፓምፑ የሁለቱንም ከእጥፍ በላይ ነው። ማትሪክሱ የደበቀው ይህንን ነው፤ ጉዳቱን 600 ብሎ ሳጥን ውስጥ ሲከት እስከ 1,800 የሚሄደው ጅራት ጠፋ።

ድምሩ 760 ሺህ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቆምና 760 ይይዛል። አትቁሙ። 760 አማካይ ነው፣ በእውነት አንድ ቀን የምትከፍሉት ብር አይደለም። አራት ስጋት ሲኖር፣ እያንዳንዱ ወይ ይደርሳል ወይ አይደርስም፣ ስለዚህ 16 ዓይነት መጨረሻ ብቻ ነው ያለው። 16 መስመር ጻፉ። ምንም ያልደረሰበት መስመር ዕድሉ 0.6 በ0.7 በ0.5 በ0.9፣ ማለትም 19 በመቶ ገደማ፣ ወጪው 0። ፓምፑ ብቻ የደረሰበት 0.4 በ0.7 በ0.5 በ0.9፣ 13 በመቶ ገደማ፣ ወጪው 900። እንዲህ እያላችሁ ጨርሱና ከትንሹ ወጪ ወደ ትልቁ ደርድሩ። ከዚያ ዕድሉን እየደመራችሁ ውረዱ።

ያኔ የያዝነው 600 ሺህ የሚበቃው በ46 በመቶ ዕድል ብቻ ነበር። ሳንቲም ወርውሮ ከመወሰን ያነሰ። 760 ብንይዝ 54 በመቶ። 1 ሚሊዮን 100 ሺህ ብንይዝ 79 በመቶ። አሁን አለቃችሁ ጋ ስትገቡ «መካከለኛ ስጋት አለን» አትሉም። «በ600 ከገባን ከግማሽ በላይ ዕድሉ ብር ማለቅ ነው፣ 500 ሺህ ብንጨምር ከአምስት አንዱ ብቻ ይቀራል» ትላላችሁ። ይሄን ሰምቶ መወሰን ይችላል።

ስጋቶቹ ስድስትና ሰባት ከሆኑ መስመሩ ይበዛል፣ ኤክሴል ይሥራላችሁ። ሞንቴ ካርሎ የሚባለው ይሄው ነው፣ ዕጣ ደጋግሞ ማውጣት። ከ A እስከ D አራቱን ስጋቶች በአንድ መስመር አስገቡ፣ E ላይ ደምሩ፣ 5,000 መስመር ወደ ታች ጎትቱ፦

```
A2: =IF(RAND()<0.4,900,0)
B2: =IF(RAND()<0.3,500,0)
C2: =IF(RAND()<0.5,200,0)
D2: =IF(RAND()<0.1,1500,0)
E2: =SUM(A2:D2)
G2: =COUNTIF(E2:E5001,"<=1100")/5000
```

G2 ላይ 0.79 አካባቢ ታያላችሁ። ፋይሉን በነካችሁ ቁጥር ትንሽ ይወዛወዛል፣ ብልሽት አይደለም። 0.79 መሆን ሲገባው 0.50 ካለ ግን E እስከ መጨረሻው መስመር አልተጎተተም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ጠንከር ያለ። ይህ ስሌት ስጋቶቹ አይተዋወቁም ብሎ ነው። ፓምፑም ቧንቧውም ናፍጣውም በአንድ ምንዛሪ የሚንሩ ከሆነ ለየብቻ ዕጣ አታውጡላቸው፣ በአንድ ዕጣ እሰሯቸው። ለየብቻ ካወጣችሁ አንዱ ሲከፋ ሌላው ይካሳል የሚል ሐሰተኛ እፎይታ ትገዛላችሁ።

ምልክት፦ ስሌቱ ተሠራ፣ የተለወጠ ነገር ግን የለም

ይሄ ተቃራኒው ብልሽት ነው። ማትሪክስ በቂ የነበረበት ቦታ ላይ ቁጥር መቁጠር። የምንጩን ማነስ ውሰዱ። በእኛ ሥራ የምንጩ ልኬት የተወሰደው መስከረም ላይ ነበር፣ ክረምት በወጣ ማግስት። ያኔ የማይፈስ ምንጭ የለም። ስጋቱን ለማጥፋት ስሌት አያስፈልግም፣ በበጋ ወር አንድ ሰው ሰዓትና 20 ሊትር ጀሪካን ይዞ ይሂድ። በ40 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ ግማሽ ሊትር ነው፣ ለቀበሌው ይበቃል አይበቃም ወዲያው ይታወቃል። መድኃኒቱ የመኪና ነዳጅና የአንድ ቀን አበል ከሆነ፣ ዕድሉ 10 ይሁን 20 በመቶ ምን አገባችሁ? ቀይ ቀቡት፣ ስምና ቀን ጻፉበት፣ ላኩት።

እኔ ከመጀመሬ በፊት ሁሌም የምጠይቀው ይሄን ነው፦ ከትንተናው በኋላ የሚወሰነው ምንድን ነው? መልሱ «ማን መቼ ይከታተላል» ከሆነ ማትሪክስ ይበቃል። መልሱ «ስንት ብር እንያዝ»፣ «ስንት ወር እንጨምር»፣ ወይም «ፓምፑን አሁን እንግዛ ወይስ በኋላ» ከሆነ አይበቃም። ሌላው ሁሉ፣ የፕሮጀክቱ ትልቅነትም ጭምር፣ ከዚህ ቀጥሎ ነው።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ማትሪክሱ ላይ ዕድሉ 1 ጉዳቱ 5 የሆነ፣ ነጥቡ 5፣ አረንጓዴ የተቀባ ስጋት ካለ ቀለሙን አትመኑ። ሰው የሚሞትበት ከሆነ ወይም ሥራውን በአንዴ የሚዘጋ ከሆነ ነጥቡን ትታችሁ ለብቻው አንሱት።

ዕድሉን ለመገመት የሚረዳ ሰው፣ መዝገብ፣ ያለፈ ሥራ፣ ምንም ከሌለ ቁጥር አትፍጠሩ። በማትሪክስ ቆዩ፣ እስኪገኝ።

መዝገቡ ከተሞላ ሦስት ወር ያለፈው ከሆነ የትኛውንም ትንተና ከመጀመራችሁ በፊት ነጥቦቹን አድሱ። በመጋቢት የተሰጠ ነጥብ 3 የሐምሌው ነጥብ 3 አይደለም።