ለርቀት ዳሳሽ ሲም ካርድ ከመምረጥዎ በፊት

በባትሪ የሚሠራ የውኃ ማጠራቀሚያ ዳሳሽ በየ6 ሰዓቱ 100 ባይት ብቻ የሚልክ ከሆነ፣ የባትሪውን ዕድሜ የሚወስነው ኤልቲኢ-ኤም ወይም ኤንቢ-አይኦቲ ሞደሙ በመልእክቶቹ መካከል በጥልቀት መተኛቱ ነው። በሚከተለው ትእዛዝ ውስጥ የመጀመሪያው ኮድ 6 ሰዓትን፣ ሁለተኛው ደግሞ ሞደሙ ከመተኛቱ በፊት ነቅቶ የሚቆይበትን 10 ሰከንድ ያመለክታል፦

```
AT+CPSMS=1,,,"00100110","00000101"
AT+CEREG=4
AT+CEREG?
```

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ለመጀመሪያው ትእዛዝ የሚመጣው `OK` ጥያቄው መመዝገቡን እንጂ ኔትወርኩ መፍቀዱን አያሳይም። የተፈቀደው ጊዜ የሚታየው በሦስተኛው ትእዛዝ መልስ መጨረሻ ላይ ባሉት ሁለት ኮዶች ሲሆን፣ ቅደም ተከተላቸው እንደተገለበጠ ልብ ይበሉ። ሞደሙ ኔትወርክ ላይ ተመዝግቦ እያለ ኮዶቹ ከሌሉ እንቅልፉ አልተፈቀደም ማለት ነው፤ በተለይ በሮሚንግ የሚሠራ ካርድ ሲሆን ይህን ሳያረጋግጡ ብዙ ካርድ አይግዙ።

ጥቅል ሲመርጡም ከሜጋባይቱ ዋጋ በፊት አጠጋግቶ የሚያስከፍልበትን መጠን ይጠይቁ። ዳሳሹ በወር 120 ጊዜ ይልካል፤ መረጃው ራሱ 12 ኪሎባይት ገደማ ቢሆንም፣ እያንዳንዱ ግንኙነት ወደ 100 ኪሎባይት ከተጠጋጋ ሒሳቡ 12 ሜጋባይት ይደርሳል።