ከጡረታና ከጉዳት ክፍያ የሚያጎድሉን ስህተቶች (የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ ለፋብሪካ ሠራተኞች ያደረገው ንግግር)

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ፈረቃ ሊቀየር ስለሆነ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

አንደኛው ስህተት «ጡረታ ብዙ አይቆረጥብኝ» ብሎ ደመወዝን ከፋፍሎ መፈረም ነው። ጡረታ የሚታሰበው በመሠረታዊ ደመወዝ ነው፤ አበል አይገባበትም። ከእኛ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። የ8,000 ብር ደመወዝተኛ 560 ብር ይቆረጥበታል። አሠሪው 5,000ውን ደመወዝ፣ 3,000ውን አበል ብሎ ቢጽፍለት ግን የሚቆረጥበት 350 ብቻ ስለሆነ ደስ ይለዋል። ደስ የሚለው እስከ 60 ዓመቱ ነው። 25 ዓመት ላገለገለ ሰው ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ለቀሪው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰባል፤ ድምሩ 48.75 በመቶ ይሆናል። የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 8,000 ከሆነ በወር 3,900 ብር ያገኛል፤ 5,000 ከሆነ 2,437 ብር ከ50 ሳንቲም። በወር 210 ብር አተርፋለሁ ያለው ሰው እስኪሞት ድረስ በየወሩ 1,462 ብር ከ50 ሳንቲም ያጣል። አሠሪውም የ11 በመቶውን ቀንሶ ነው ያተረፈው፤ ይህን ሒሳብ ግን ማንም አይነግራችሁም።

ሁለተኛው፣ ጣት ማሽን ሲይዘው «ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ ዝም ማለት ነው። የሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስ የአሠሪው ጥፋት መኖር አለመኖሩ አይጠየቅም። ሠራተኛው የጉዳት ክፍያውን የሚያጣው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ እያወቀ ከጣሰ ወይም ሰክሮ ከገባ ነው። ድርጅቱ ባቀረበው ሰርቪስ ስትመጡና ስትሄዱ የሚደርስ አደጋም የሥራ ላይ ጉዳት ነው። የሕክምና ወጪ በአሠሪው ነው። በሐኪም ማስረጃ ከሥራ ስትርቁ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ቢያንስ 75 በመቶ፣ ለቀሪዎቹ ስድስት ወራት ቢያንስ 50 በመቶ ይከፈላል። 6,000 ብር የሚከፈላት እህት አምስት ወር ብትተኛ ለሦስቱ ወራት 18,000፣ ለሁለቱ ቢያንስ 9,000 ታገኛለች። «የዓመት ፈቃድሽን ውሰጂና እረፊ» የሚላት አለቃ ፈቃዷንም ጉዳቷንም አብሮ እየቀበረው ነው። ስለዚህ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በዚያው ቀን በጽሑፍ አስመዝግቡ፣ አብሯችሁ የነበረውን ሰው ስም አጽፉ፣ የሐኪሙን ወረቀት ኮፒ ቤት አስቀምጡ። ጣቱ ከስድስት ወር በኋላ አልታጠፍ ቢል የምትከራከሩበት ይህ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ከድርጅት ወደ ድርጅት ስንዘዋወር የሚደርስ ነው። አዲሱ ቦታ ላይ የድሮውን የጡረታ መለያ ቁጥር ሳያሳዩ አዲስ ያስወጡ አሉ። የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ያስፈልጋል፤ እዚያ 6፣ እዚህ 5 ዓመት የሠራ ሰው ሲደመር ያልፋል፣ በሁለት ቁጥር ተከፋፍሎ ከቀረ ግን ይቸገራል። የአያት ስም በአንዱ ወረቀት «ወልደ»፣ በሌላው «ወ/» ተብሎ ተጽፎ ሰው ሲመላለስ አይቻለሁ። ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት ቁጥራችሁንና ስማችሁን ከመታወቂያችሁ ጋር አስተያዩ፤ የማይገጥም ካለ ማኅበሩ ቢሮ አምጡት።