«ሰላም» ብቻ ብሎ ለሚጽፍ ደንበኛ ስንመልስ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጣና ዳር ጀልባ የሚያከራዩ ልጆች ቴሌግራማቸው ቢከፈት መዓት «ሰላም» ይገኝበታል። ከሰላምታው በኋላ ግን ምንም የለም።

ሥራ ፈት ነው ብሎ ማለፍ። አብዛኛው ሥራ ፈት አይደለም። እኛ አገር ሰላም ሳይባባሉ ወደ ጉዳይ መግባት ያስነውራል፤ ሰውየው ተራውን ጠብቆ ነው ዝም ያለው። መተግበሪያውም ያግዘዋል። ቴሌግራም ላይ አዲስ ቻት ሲከፈት የሰላምታ ስቲከር ራሱ ብቅ ይላል፤ አንዴ ከነኩት ተላከ። አንዳንዱ ደግሞ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አያውቅም። ገዳም ማየት ይፈልጋል፣ የትኛውን እንደሆነ ግን ገና አልለየም።

«ሰላም፣ ምን ልርዳዎት?» ብሎ ማቆም። ጨዋ መልስ ይመስላል። ነገር ግን ምን እንደሚጠይቅ ላልገባው ሰው ሸክሙን መልሶ ማሸከም ነው። ብዙው ወሬ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው።

የዋጋ ዝርዝሩን በሙሉ መላክ። ይህ የችኩል ነጋዴ ስህተት ነው። የዘጌው፣ የደብረ ማርያሙ፣ የግማሽ ቀኑ፣ የሙሉ ቀኑ ሁሉ በአንዴ ሲወርድበት ሰውየው «እሺ አመሰግናለሁ» ብሎ ይጠፋል። ለሱ የሚሆነው የቱ እንደሆነ ዝርዝሩ አይነግረውም።

ጥሩ መልስ ሰላምታውን ይመልሳል፣ ማን እንደሆኑ ይናገራል፣ በአንድ ቃል ወይም በቁጥር የሚመለስ ጥያቄ ይጠይቃል። እንዲህ፦

«ሰላም፣ እንደምን አመሹ? ወደ ጣና ገዳማት በጀልባ እንወስዳለን። ስንት ሰው ናችሁ?»

«አመሹ» ተብሎ በ«እርስዎ» የተጠየቀው ለአክብሮት ብቻ አይደለም። የፕሮፋይል ስሙ «ፍቅር ያሸንፋል» ከሆነ ሴት ትሁን ወንድ በምን ይታወቃል?

«አምስት ነን» ካለ በሩ ተከፈተ። ቀጥሎ «ሴቶች አሉ?» ይባላል። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፤ ይህን ደሴቱ ደርሶ መስማት ቀኑን ያበላሻል። ሴቶች ካሉ ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይሻላል። ከዚያ ቀኑ ይጠየቃል። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ስለሚነሳ ጠዋት እንዲመርጡ ይነገራቸዋል። ዋጋ የሚመጣው አሁን ነው፤ አንድ ዋጋ ብቻ፣ ለነሱ ጉዞ።

አውቶማቲክ መልሱንም ባዶ ማድረግ። ዋትስአፕ ቢዝነስ ላይ ለአዲስ ደንበኛ በራሱ የሚሄድ ሰላምታ መሙላት ይቻላል። ብዙዎች «እናመሰግናለን፣ በቅርቡ እንመልሳለን» ብለው ይሞሉታል። ለባዶ መልእክት ባዶ መልስ! ያቺን «ስንት ሰው ናችሁ?» እዚያው ብታስገቧት እናንተ ሐይቁ ላይ ሆናችሁ ኔትወርክ ቢጠፋ እንኳ ደንበኛው መልሱን ጽፎ ይጠብቃችኋል።

መጨቅጨቅ። ካልመለሰ በማግስቱ አንድ መልእክት ይበቃል፤ እሱም «አሉ?» ሳይሆን «ቅዳሜ ጠዋት ያልተያዘ ጀልባ አለን» ዓይነት አዲስ ነገር የያዘ ይሁን። ከዚያ ይተዉት።