የተመላሽ ገንዘብ መልእክት ሲጽፉ

ድሬዳዋ ከዚራ ወይም ታይዋን ሱቅ ኖሯችሁ በቴሌግራም የምትሸጡ ከሆነ፣ «ገንዘብዎ በቅርቡ ይመለሳል» ብላችሁ አትላኩ። ደንበኛው ስንት፣ መቼ፣ የት ብሎ መደወሉ አይቀርም።

ለምሳሌ ደንበኛዋ የጫማ 2,000 ብር በወንድሟ ቴሌብር ከፍላ፣ ጫማው ጠበባት እንበል። እንዲህ ጻፉላት፦

«1,850 ብር ዛሬ ማክሰኞ ልከናል። ከከፈሉት 2,000 ብር የማድረሻ 150 ብር ተቀንሷል። ገንዘቡ የሚገባው ክፍያው ወደተፈጸመበት፣ በ4471 ወደሚያልቀው የቴሌብር ቁጥር ነው። እስከ ሐሙስ ማታ ካልገባ ይደውሉልን።»

ብዙ ጊዜ ጭቅጭቅ የሚነሳው ገንዘቡ በሚገባበት ሒሳብ ነው። ደንበኛዋ የራሷን ስልክ እያየች «አልገባም» ትላለች፤ ብሩ ግን ወንድሟ ጋ ደርሷል። የመጨረሻዎቹ 4 አሃዞች ይህን ያስቀራሉ። ሙሉውን ቁጥር መጻፍ አያስፈልግም፤ መልእክቱን ሌላ ሰው ሊያየው ይችላል።

የተቀነሰ ነገር ካለ ምክንያቱን እዚያው ጻፉ። «በ3 የሥራ ቀን» ከማለትም ቀኑን ጥሩት፤ ቅዳሜ ይቆጠራል አይቆጠርም የሚለው ክርክር ይቀራል።

ደግሞ «ልከናል» የሚለው ገንዘቡ በእርግጥ ሲላክ ብቻ ነው። ገና ከሆነ «ተፈቅዷል፣ ነገ ረቡዕ እንልካለን» በሉ።