አይረን የማያነሳው የደም ማነስ፦ ታላሴሚያ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ወባውን አይታችሁ፣ ሰገራውን መርምራችሁ፣ ታማሚው ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወይም ሁመራ ወርዶ ከሆነ ካላዛርንም አስወግዳችኋል ብዬ ልነሳ። ጎጃም ውስጥ ጣፊያው አብጦ ደሙ ያነሰ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚታሰቡት እነዚህ ናቸው፤ መታሰባቸውም ልክ ነው። ታላሴሚያ፣ ማለትም ከወላጆች የሚወረሰው የሄሞግሎቢን አሠራር ጉድለት፣ እኛ ዘንድ ብዙ አይገጥምም። ሲገጥም ግን የሚበላሸው ሁሌ በአንድ መንገድ ነው፤ "የብረት እጥረት" ይባልና ለዓመታት አይረን ሲወሰድ ይኖራል። እኔም የምዘረዝረው ይህንኑ ነው።

ምልክት፦ አይረን እየተወሰደ ሄሞግሎቢን አልነሳ አለ፤ ቀይ ሴሎቹም ትንንሽ ናቸው

እውነተኛ የብረት እጥረት ለአይረን ቶሎ ይመልሳል። መድኃኒቱ በአግባቡ ከተወሰደና ደም የሚፈስበት ቦታ ከሌለ በአራት ሳምንት ሄሞግሎቢን ቢያንስ 1 ግራም በዴሲሊትር መጨመር አለበት። ካልጨመረ መጠኑን ከፍ ማድረግ መልስ አይደለም። የማየው ግን እሱኑ ነው፤ አንዱ ጤና ጣቢያ ሽሮፕ ያዛል፣ ሌላው መጠኑን ያሳድጋል፣ ሦስተኛው ቫይታሚን ሲ ይጨምርበታል።

ከሞጣ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች የስድስት ዓመት ልጅ ልጥቀስ። ሄሞግሎቢኗ 7.6 ነበር፤ ማሽኑ ባተመው ወረቀት ላይ MCV፣ ማለትም የቀይ ሴሉ አማካይ መጠን፣ 61፤ RBC፣ ማለትም የቀይ ሴሉ ቁጥር፣ 4.1 ሚሊዮን። ለሁለት ዓመት ያህል አይረን ወስዳለች። አባትየው "ዶክተር፣ አንድም ቀን አላጓደልንባትም" አለኝ (ነጭ ጋወን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው)። እውነቱን ነበር፤ ችግሩም አለማጓደላቸው ነው። ጣፊያዋ ከጎድን አጥንቷ በታች አራት ጣት ወርዷል፤ ግንባሯና ጉንጯ ወደ ፊት ወጥቷል። ደም ተሰጥቷት አያውቅም።

ነጭ የደም ሴሏ 24,000 ተብሎ ስለታተመ ከኛ በፊት ያያት ሰው አንቲባዮቲክ ሰጥቷታል። ስሚሩን፣ ማለትም መስታወት ላይ የተቀባውን ደም፣ በማይክሮስኮፕ ያየው ግን የለም። ስናየው በየመቶው ነጭ ሴል መካከል ኒውክለሳቸውን ያልጣሉ 60 ለጋ ቀይ ሴሎች አሉ። ማሽኑ ኒውክለስ ያለውን ሁሉ ነጭ ብሎ ቆጥሮታል። ሲስተካከል 24,000 በ100 ተባዝቶ ለ160 ይካፈላል፤ 15,000 ይሆናል። ለጋ ሴሎች ከመቅኔ ሸሽተው ደም ውስጥ ሲገኙ መቅኔው ከአቅሙ በላይ እየሠራ መሆኑን ይነግሯችኋል። እባካችሁ ስሚር ሳታዩ የማሽን ወረቀት አትፈርሙ።

ከዚያ የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው ፌሪቲን ተለካ፤ 620 ናኖግራም በሚሊሊትር። ብረት ያጠረው ሰው ከ15 በታች ነው የሚሆነው። ፌሪቲን በኢንፌክሽንም ስለሚጨምር ብቻውን አይታመንም፤ ብረትን በደም ውስጥ የሚያጓጉዘው የትራንስፌሪን ሙሌቷ ግን 78 በመቶ ነበር። ይህች ልጅ ብረት አልጎደላትም፤ ተርፏታል።

አሁን ወደ ወላጆቹ። እናትየው በእያንዳንዱ እርግዝናዋ "ደም አንሶሻል" ተብላለች። ሄሞግሎቢኗ 11.2፣ MCV 63፣ RBC 5.6 ሚሊዮን። MCV ለ RBC ሲካፈል 11.25 ይመጣል። ከ13 በታች ከሆነ የታላሴሚያ ተሸካሚነት፣ ከ13 በላይ ከሆነ የብረት እጥረት ይጠረጠራል። ብረት ያጠረው መቅኔ ጥቂት ሴል ነው የሚሠራው፤ ተሸካሚ ግን ትንንሽ ይሁኑ እንጂ ብዙ ይሠራል። ይህን ስሌት ልጅቷ ላይ ብትሞክሩት 61 ለ4.1 ወደ 14.9 ይመጣና የብረት እጥረት ነው ይላችኋል። ማካፈሉ ለተሸካሚ እንጂ ለታመመ ሰው አልተሠራም። ለተሸካሚም ቢሆን ማመላከቻ ነው፤ ማረጋገጫው የሄሞግሎቢን ዓይነቶችን የሚለየው ምርመራ፣ ኤሌክትሮፎረሲስ ነው።

ናሙናው አዲስ አበባ ተላከ። ልጅቷ የጽንስ ሄሞግሎቢን የሆነው ሄሞግሎቢን ኤፍ 38 በመቶ፤ እናትና አባት ሁለቱም ሄሞግሎቢን ኤ2 ከ3.5 በመቶ በላይ። ሁለቱም የቤታ ታላሴሚያ ተሸካሚ፣ ልጅቷ ከሁለቱም የወረሰች።

ማስጠንቀቂያ፦ ናሙናው ደም ከመሰጠቱ በፊት ይወሰድ። ከፍኖተ ሰላም በኩል የመጣ አንድ ልጅ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ደም ተሰጥቶት፣ ከዚያ ናሙናው ተልኮ፣ "መደበኛ ሊባል የሚችል" የሚል ውጤት ይዞ ተመለሰ። የተነበበው የለጋሹ ሄሞግሎቢን ነው። እንዲህ ከሆነ ወይ ሦስት ወር መጠበቅ፣ ወይ ወላጆቹን መመርመር ነው። ወላጆቹን መርምሩ፤ ይቀላል።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ተሸካሚ የሆነ ሰው ብረትም ካጠረው ኤ2 ዝቅ ብሎ ሊደበቅ ይችላል። በቅድሚያ ፌሪቲን።

መነሻው፦ የጎደለው ቤታ ሳይሆን የተረፈው አልፋ

የአዋቂ ሄሞግሎቢን ሁለት አልፋና ሁለት ቤታ ሰንሰለት ተጣምረው የሚሠሩት ነው። አልፋ በክሮሞሶም 16 ላይ ካሉ አራት ጂኖች፣ ቤታ በክሮሞሶም 11 ላይ ካሉ ሁለት ጂኖች ይመጣል፤ በጤነኛ ሰው ምርታቸው እኩል ነው። መቀናጆ የተስማሙ ገበሬዎች በሬዎቻቸውን እንደሚያጣምሩት ነው። አንዱ በሬ ቢጠፋ ማሳው ይቀራል ብቻ ብላችሁ ካሰባችሁ ግን ተሳስታችኋል። ብቻውን የቀረው አልፋ ዝም ብሎ አይቆምም። ከራሱ ጋር መጣመር ስለማይችል ለጋው ሴል ውስጥ ይዘቅጣል፣ ሽፋኑን ይጎዳል፣ ሴሉም ገና መቅኔ ውስጥ እያለ ይሞታል። ከመቅኔ ለመውጣት የበቃውን ደግሞ ጣፊያ ይለቅመዋል።

ሚዛኑ መዛባቱ እንጂ መጉደሉ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳየው ይህ ነው፦ ቤታ ታላሴሚያ ያለበት ሰው አልፋ ታላሴሚያም አብሮ ከወረሰ ሕመሙ ይቀልለታል። በተቃራኒው የአንድ ቤታ ጂን ተሸካሚ የሆነ ሰው ትርፍ አልፋ ጂን ከወረሰ፣ መታመም የማይገባው ሰው ሊታመም ይችላል። ጉድለት ሲጨመርበት የሚሻል፣ ምርት ሲጨመርበት የሚብስ በሽታ ነው።

ሕፃናቱ ሲወለዱ ደህና የሚመስሉትም ለዚህ ነው። በማህፀን የአልፋ ጓደኛ ጋማ ነው፤ ቤታ ቦታውን የሚረከበው ከተወለዱ በኋላ ነው። ስለዚህ ከባዱ ዓይነት ከስድስት ወር ገደማ ጀምሮ ይገለጣል።

አልፋ ሲጎድል የሚተርፈው ቤታ ግን አራት ሆኖ ከራሱ ጋር ስለሚጣመር መቅኔ ውስጥ ያን ያህል አይገድልም፤ ሴሉ ወጥቶ ደም ውስጥ ነው በብዛት የሚሰበረው።

ምልክት፦ ፊት ይለወጣል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ሆድ ያብጣል

ኩላሊት ኦክስጅን ሲያንሰው ኤሪትሮፖይቲን ይልካል፤ መቅኔውም ሴል ያበዛል። የበዛው ግን እዚያው ይሞታል፤ ሄሞግሎቢን አይነሳም፤ ኩላሊትም መላኩን አያቆምም። እንዲህ ሲሄድ መቅኔው ከ15 እስከ 30 እጥፍ ሊሰፋ ይችላል። አጥንቱን ከውስጥ ስለሚገፋው የራስ ቅል ይወፍራል፣ የላይኛው መንጋጋ ይወጣል፣ የረዣዥም አጥንቶች ቅርፊት ሳስቶ በትንሽ መውደቅ ይሰበራል። ጉበትና ጣፊያም ደም ወደ መሥራት ይመለሳሉ። የልጅቷ ጉንጭ ከወገን የተወረሰ መልክ አልነበረም፤ ዘመዶቿ "አያቷን ትመስላለች" ቢሉም።

መፍትሄው ደም ነው፤ ግን ሲደክማት ብቻ የሚሰጥ ደም አይደለም። በመደበኛ ደም ለሚኖር ታማሚ ከመስጠቱ በፊት ያለው ሄሞግሎቢን ከ9 እስከ 10.5 ግራም በዴሲሊትር እንዲቆይ ይደረጋል። እዚያ ሲደርስ የኩላሊቱ ትእዛዝ ይቀንሳል፣ መቅኔውም ያርፋል። 5 እስኪደርስ ጠብቆ አንድ ከረጢት መስጠት ሕይወት ያተርፋል እንጂ አጥንቱን አያድንም።

ምልክት፦ ብዙ ደም ሳይሰጥ ብረት ይከማቻል

ብዙዎች የብረት ክምችት የሚመጣው ከሚሰጠው ደም ብቻ ይመስላቸዋል። ልጅቷ ደም ተሰጥቷት አያውቅም፤ ብረቷ ግን ተርፏል። ምክንያቱ መቅኔው ነው። የበዙት ለጋ ቀይ ሴሎች ኤሪትሮፌሮን የሚባል ሆርሞን ያመነጫሉ (የታወቀው በ2014 ነው)፤ እሱም ጉበት ሄፕሲዲን እንዳያመርት ያግደዋል። ሄፕሲዲን የአንጀትን የብረት በር የሚዘጋው ነው። በሩ ክፍት ሲቀር ከምግብ የሚገባው ብረት ይበዛል፤ መቅኔው "ደም አንሷል፣ ብረት አምጡ" እያለ ሰውነቱን ያሳስተዋል። አይረን ሽሮፕ በዚህ ላይ መጨመር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ሰውነት ትርፍ ብረት የሚያስወጣበት መንገድ የለውም። በቀን 1 ሚሊግራም ገደማ ይወጣል፤ ያ ነው። አንድ የደም ከረጢት ደግሞ ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም ብረት ይዟል። አንድ አዋቂ በወር ሁለት ከረጢት ቢሰጠው በዓመት ወደ 5 ግራም ይገባል፤ የጤነኛ ሰው ጠቅላላ ብረት ግን ከ3 እስከ 4 ግራም ነው። ትራንስፌሪን ሲሞላ ትርፉ ብረት ጉበት፣ ልብና ዕጢዎች ውስጥ ይገባል። እድገት ይቆማል፣ ጉርምስና ይዘገያል፣ ስኳር ይመጣል፤ የሚገድለው ግን በአብዛኛው የልብ ጉዳቱ ነው።

መፍትሄ፦ አይረን ወዲያው ይቁም። ቫይታሚን ሲ ብቻውን አይሰጥ፤ የተከማቸውን ብረት ቀስቅሶ ልብን ሊጎዳ ይችላል። ፎሊክ አሲድ ይሰጣል። ደም ለማይወስድ ታማሚ ሻይ ከምግብ ጋር መጠጣት የሚገባውን ብረት ይቀንሳል፤ በሌላ ጊዜ የምንከለክለው ሻይ እዚህ ይጠቅማል። በመደበኛ ደም ለሚኖር፣ ከ10 እስከ 20 ጊዜ ከተሰጠው ወይም ፌሪቲኑ ከ1,000 ካለፈ ብረት አስወጪ መድኃኒት ይጀመራል። ደም ሳይወስድ ብረት ለሚከማችበት መነሻው 800 ነው። ዴፌሮክሳሚን በቆዳ ሥር በፓምፕ ለ8 እስከ 12 ሰዓት የሚንጠባጠብ ነው፤ ዴፌራሲሮክስና ዴፌሪፕሮን ይዋጣሉ። ዴፌሪፕሮን የሚወስድ ሰው ትኩሳት ከያዘው መድኃኒቱን አቁሞ ያኑ ቀን ነጭ ሴሉ ይቆጠር፤ ነጭ ሴል ሊጠፋ ይችላል።

ልጅቷ አይረን አቁማ፣ ፎሊክ አሲድ ይዛ በየሦስት ወሩ ትታያለች። ፌሪቲኗ 620 ስለሆነ ብረት አስወጪ አልተጀመረም። መደበኛ ደም ይጀመር ወይስ አይጀመር የሚለውን የሚወስነው ቁመቷና አጥንቷ ነው እንጂ 7.6 የሚለው ቁጥር ብቻ አይደለም። እናትየውም ፌሪቲኗ ሳይታይ አይረን እንዳትጀምር ተነግሯታል፤ ተሸካሚም ብረት ሊያጥረው ስለሚችል ግን ዝቅ ካለ ይሰጣታል፣ ሲሞላ ይቆማል።

ብርቅ የሆኑት፦ ደም እየወሰደ ሳለ ፍላጎቱ በድንገት የጨመረ ሰው ጣፊያው ሴሎችን እየዋጠ ሊሆን ይችላል። ጣፊያን ማውጣት ከአምስት ዓመት በፊት አይመከርም፤ ከወጣም በኋላ ትኩሳት ድንገተኛ ጉዳይ ነው። እግሩ የዛለበት ታላሴሚክ ከጀርባ አጥንቱ አጠገብ ያደገ መቅኔ ነርቩን ተጭኖት ይሆናል፤ ሳይዘገይ ይላክ። ቀጣይ ልጅ ለሚያስቡ ሁለት ተሸካሚ ወላጆች በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው፤ ቀድሞ ጤነኛ መውለዳቸው ይህን አይቀንሰውም።