ፎቶ ላይ የጨመራችሁት ፋኖስ ጠረጴዛውን እንዲያበራ እንዴት ይደረጋል?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ። ከዓመታት በፊት አንድ ደንበኛ የመንዝ ቤታቸውን ፎቶ ይዞ መጣ። አያቱ ነጭ ጋቢ ለብሰው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ የቆርቆሮ ኩባያ። ጎን አልጋው ላይ ጥቁር ዝተት ተዘርግቷል። «ድሮ የነበረችው ፋኖስ ትግባልኝ፤ ማታ ይምሰል» አለኝ።

ፋኖሷን ቆርጬ አስገባሁ። ከዚያ ለስላሳ ብሩሽ ይዤ በብርቱካንማ ቀለም ዙሪያዋን ቀባሁ። ሌየሩን Screen አደረግሁና አትሜ ሰጠሁ። ልጁ ወዶት ሄደ። አያትየው ግን ፎቶውን አይተው «ልጄ፣ ይቺ ፋኖስ ትበራለች ወይስ ትጨሳለች?» አሉ አሉ። ልክ ነበሩ። ጥቁሩ ዝተት ብርቱካንማ ጭጋግ ለብሷል፤ ኩባያው ላይም ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል።

ስህተቱ የቱ ጋ ነው? ብርሃን ዕቃ ላይ የሚቀባ ቀለም አይደለም። ዕቃው ላይ አርፎ ይመለሳል፤ የሚመለሰውም በዕቃው ቀለም ልክ ነው። ነጭ ጋቢ የመጣለትን አብዛኛውን ይመልሳል። ጥቁር ዝተት ፋኖስ አጠገቡ ብታኖሩም ጥቁር ነው። ስለዚህ ብርሃኑ ከራሱ ከፎቶው ጋር መባዛት አለበት፤ የብዜቱ ውጤት ደግሞ በጨለማው ፎቶ ላይ ይደመራል። ሥራው በሙሉ ይኸው ነው፤ ቀሪው ዝርዝር ነው።

የምሠራው GIMP በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው። ነፃ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በአዲሶቹ ስሪቶች፣ ከ 2.10 ጀምሮ፣ ማባዣው Multiply እና መደመሪያው Addition የሚያሰሉት በእውነተኛው የብርሃን መጠን ነው። ፎቶሾፕ ያላችሁ በዚያው ሥሩ፤ ግን በተለመደው አሠራሩ እነዚህን የሚያሰላው በብርሃኑ መጠን ሳይሆን ለስክሪን በተስተካከለው የቀለም ቁጥር ስለሆነ ከታች የምሰጣችሁ ቁጥሮች እንዳሉ አይሠሩላችሁም።

ሌየሮቹን መደርደር

ፎቶውን ክፈቱ። በ Image > Precision ውስጥ 32 ቢት ፍሎቲንግ ፖይንት ምረጡ። የፎቶውን ሌየር ቅጂ ጨምሩ። የታችኛውን በ Colors > Exposure ወደ -2 አውርዱት፤ ብርሃኑ ሩብ ብቻ ቀረ ማለት ነው። ማታችን እሱ ነው። ቀን ላይ ፋኖስ ብታበሩ ጠረጴዛው ላይ ምንም አይታይም፤ ፎቶም ላይ እንደዚያው ነው። ይህን ደረጃ ዘለው «ብርሃኑ አልታይ አለኝ» የሚሉ ብዙ ናቸው።

የላይኛውን፣ ማለትም ያላጨለማችሁትን ቅጂ፣ አዲስ የሌየር ግሩፕ ውስጥ አስገቡት። የግሩፑን ሞድ Addition አድርጉ። ግሩፑ ውስጥ ከቅጂው በላይ ሁለት ሌየር ጨምሩ፤ ሁለቱም Multiply ይሁኑ። አንዱ የብርሃኑ ቀለም ነው፤ ሙሉውን በ `ff9329` ሙሉት። ሁለተኛው ብርሃኑ እየራቀ ሲሄድ እንዴት እንደሚደክም የሚያሳየው ነው፤ ለጊዜው ጥቁር ይሁን።

ስለ ቀለሙ አንድ ነገር ልበል። ይህ ቀለም ከሰማያዊው 2 በመቶ ገደማ ብቻ ያሳልፋል። ስለዚህ ሰማያዊው ኩባያ በፋኖስ ብርሃን ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ አይታይም፤ ጠቆር ያለ፣ ቡናማ ነገር ይሆናል። ደንበኛው «ኩባያው ቀለሙን ለወጠ» ካለ ትክክል ሠርታችኋል ማለት ነው። ቅር ካለው ወይም ፎቶው በሙሉ ብርቱካን ከመሰለ ቀለሙን ወደ `ffb46b` አቅልሉት። ካሜራም ዋይት ባላንሱ ለአምፖል ሲስተካከል እሳትን እንዲሁ ያፈዘዋል።

አስቸጋሪው ነገር፤ ብርሃኑ እንዴት ይደክማል?

እኔ ብዙ ጊዜ የተሸነፍኩት እዚህ ጋ ነው። ተራ ክብ ግራዲየንት ከነጭ ወደ ጥቁር ቀጥ ብሎ ይወርዳል። እውነተኛ ብርሃን ግን መጀመሪያ ቶሎ ይወድቃል፤ ከዚያ ሳይጠፋ ረጅም ጅራት ይጎትታል። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ፋኖስ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ሜትር ዘርግቼ በስልክ አነሳሁ። ያኔ ነው የገባኝ።

ሁለት ነገር አብሮ ይሠራል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ሩብ ይሆናል። በዚያ ላይ ብርሃኑ ራቅ ሲል ጠረጴዛውን እየተጋደመ ስለሚመታው ተጨማሪ ይደክማል። እሳቱ ከጠረጴዛው በላይ `h` ከፍታ ካለው፣ ከሥሩ `r` ያህል ርቆ ያለ ቦታ የሚያገኘው ብርሃን፣ ልክ ከሥሩ ካለው አንጻር ይህ ነው፦

```
h^3 / (h^2 + r^2)^1.5
```

ስሌት አትወዱም? እኔም አልወድም። የእኔ ፋኖስ እሳቷ ከጠረጴዛው 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ የሚደርሰው 35 በመቶ ነው። 40 ላይ 9 በመቶ፣ 80 ላይ 1.4 በመቶ። ይህን ወደ ስክሪን ግራጫ ቀይሬ አንድ ግራዲየንት አዘጋጅቻለሁ፤ ሁሌም እሱን ነው የምጠቀመው። ስፋቱ የከፍታው 4 እጥፍ ነው፦

```
0%     ffffff
12.5%  dcdcdc
25%    a0a0a0
50%    545454
75%    323232
100%   202020
```

ፋኖሳችሁ ከፍታዋ ሌላ ከሆነ ግራዲየንቱን አትንኩት። ስፋቱን ብቻ ለውጡ፤ ሁሌም 4 እጥፍ። የሻማ እሳት 12 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ ግራዲየንቱ 48 ድረስ ይሄዳል። ፎቶ ላይ ሳንቲ ሜትሩን የምታገኙት ከሚታወቅ ዕቃ ነው፤ የእኛ ኩባያ 8 ሳንቲ ሜትር ነበረች።

ግራዲየንቱን ባዶ ካሬ ሌየር ላይ Radial አድርጋችሁ ሳቡት። ከዚያ በ Perspective መሣሪያው አራቱን ማዕዘን እንደ ጠረጴዛው አጋድሙት። ክቡ ሳይጋደም እንደቆመ ከተዋችሁት ዓይን ወዲያው ያውቀዋል። መሃሉ ከእሳቱ ሥር፣ ጠረጴዛው ላይ ይሁን እንጂ እሳቱ ላይ አይሁን። ይህን ስህተት እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ሠርቻለሁ። ከጠረጴዛው ውጭ የቀረውን ቁረጡ።

ግድግዳው የራሱ ግራዲየንት ይፈልጋል። ከፋኖሷ 60 ሳንቲ ሜትር ይርቃል እንበል። ርቀቱ የ20 ሦስት እጥፍ ስለሆነ ግድግዳው ላይ በጣም የበራው ቦታ ከጠረጴዛው አንድ ዘጠነኛ ነው። `5e5e5e` ይሆናል። ከዚያ ነጥብ 60 ሲርቅ `383838`፣ 120 ሲርቅ `191919`። የጠረጴዛው ክብ ትንሽና ደማቅ፣ የግድግዳው ሰፊና ደብዛዛ። ሰው ላይ ያሉትን እኔ በዓይን ነው የምሠራቸው። ወደ ፋኖሷ የዞረው ይበራል፤ ጀርባውን የሰጣት ይጠቁራል። አያትየው ፊት ላይ ብርሃኑ ከታች ስለሚመጣ አገጭና የአፍንጫ ሥር በርቷል፤ የዓይን ሽፋኑ ላይኛው ክፍል ጨልሟል። ሁሉንም አንድ ላይ ቀላቅላችሁ ያ ጥቁር ሌየር ላይ አኑሯቸው።

ጥላ

ከፋኖስ ሥር ጨለማ ነው፤ ጋዝ መያዣው ብርሃኑን ይከልላል። የእኔዋ መያዣ ከመሃሉ 7 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ትከሻው 6 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ከእሳቱ ተነስቶ በትከሻው ጫፍ የሚያልፍ መስመር ብትስሉ ጠረጴዛውን 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ይመታል። ስለዚህ 10 ሳንቲ ሜትር ድረስ ያለውን ግራዲየንት በጥቁር ቀቡት፤ ጫፉን 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ አለስልሱ። በጣም የበራው ቀለበት ከዚያ ወዲያ ይጀምራል። ሻማ ቀጭን ስለሆነ ይህ ችግር የለበትም።

ኩባያዋ ከእሳቱ 30 ሳንቲ ሜትር ርቃ ነበር። 8 ሲባዛ በ30፣ ለ12 ሲካፈል 20 ይሆናል፤ 12ቱ እሳቱ ከኩባያዋ የሚበልጥበት ከፍታ ነው። ጥላዋ ከፋኖሷ ተቃራኒ 20 ሳንቲ ሜትር ይዘረጋል። ከእሳቱ የሚረዝም ዕቃ ከሆነ ጥላው ጠረጴዛው ላይ አያልቅም፤ ግድግዳ ይወጣል።

ጥላውን የምትቀቡት እዚያው ግራዲየንቱ ሌየር ላይ ነው። ፎቶው ላይ በቀጥታ ጥቁር አትቀቡ፤ የፋኖሱ ጥላ የሚከለክለው የፋኖሱን ብርሃን እንጂ ከመስኮት የመጣውን አይደለም።

የእሳቱ ወገግታ

ይህ ዕቃ ላይ ያረፈ ብርሃን ሳይሆን ሌንስ ውስጥ የተበተነ ነው። ስለዚህ ከግሩፑ ውጭ፣ ከሁሉም በላይ ይቀመጣል። የእሳቱን ብቻ ሁለት ቅጂ አውጡ፤ ሁለቱንም Addition አድርጉ። አንዱን በ Gaussian Blur በእሳቱ ስፋት ልክ፣ ሌላውን ስድስት እጥፍ አድርጋችሁ አደብዝዙ። የሁለተኛውን ኦፓሲቲ 15 አካባቢ አውርዱ። የእሳቱ መሃል ራሱ ብርቱካን አይሁን፤ ነጭ ሊሆን የደረሰ ቢጫ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያበዛዋል። ትልቅ ወገግታ የሚኖረው አየሩ ውስጥ ነገር ሲኖር ነው። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ የመኪና መብራት ያን ያህል ያብባል። ቤት ውስጥ ግን፣ ምድጃ ካልጨሰ በስተቀር፣ ትንሽ ይበቃል።

ማስተካከያ

አሁን ግሩፑ ውስጥ ያለውን የፎቶ ቅጂ በ Exposure ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ልኩን ፈልጉ። እኔ የማየው ጋቢውን ነው። ለፋኖሷ በጣም የቀረበው እጥፋት ነጭ ሆኖ ክሩ ከጠፋ በዝቷል። ከዚያ ዝተቱን አያለሁ፤ ጥቁርነቱ ከጠፋ ብርሃኑ ግሩፑ ውስጥ አልተባዛም፤ ወይ የአንዱ ሌየር ሞድ Normal ላይ ቀርቷል።

የማይሠራበት ጊዜም አለ። በመጀመሪያው ፎቶ ድፍን ጥቁር የነበረ ጥግ፣ ፋኖስ ብታኖሩለትም አይበራም፤ ዜሮ በምንም ቢባዛ ዜሮ ነው። ፎቶውን ራሳችሁ የምታነሱ ከሆነ ደመና ባለበት ቀን፣ ጥላ ሳይበዛ፣ በ RAW አንሱ።

ለህትመት ስታወጡ ግድግዳው ላይ ያለው ደብዛዛ ግራዲየንት እንደ ሽንኩርት ልባስ እየተደራረበ ሊታይ ይችላል። ከመላካችሁ በፊት ከ Filters > Noise ውስጥ RGB Noise በጣም ትንሽ ጨምሩበት። የአያትየውን ፎቶ ደግሜ ሠርቼ የላክሁት ያለ ክፍያ ነበር። በዚህኛው ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ክሯን ቀነስ አድርጋት፤ ጋዝ ትጨርሳለች።»